አንድ ቀሚስ፣ ሁለት ገዢ

የፋሲካ ሰሞን ነው እንበል። ሽሮ ሜዳ ያለ አንድ የሐበሻ ልብስ ሱቅ ዕቃውን በድረ ገጽም ይሸጣል። ጥለቱ ለየት ያለ አንድ ቀሚስ ቀርቶታል፤ ሸማኔው ከበዓሉ በፊት ሌላ እንደማያደርስ ተናግሯል። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቦሌ የምትኖር ደንበኛ ቀሚሱን አይታ በቴሌብር ከፈለች። በዚያችው ቅጽበት ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሌላ ደንበኛ፣ በእሷ አገር ገና ከቀትር በኋላ ነው፣ ይህንኑ ቀሚስ በካርድ ገዛች። በሁለቱም ስልክ ላይ «ትእዛዝዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ገባ።

ቀጥሎ የሚሆነውን በኢንተርኔት የሚነግድ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ባለሱቁ ከሁለቱ ለአንዷ ደውሎ ይቅርታ መጠየቅ አለበት። ገንዘቧን መመለስ አለበት፤ በካርድ የተከፈለ ገንዘብ ደግሞ ወደ ባለቤቱ ሂሳብ እስኪገባ ቀናት ይፈጃል። እሷ በበኩሏ ለበዓሉ የምትለብሰውን አግኝቻለሁ ብላ ሌላ ሱቅ ማየት ትታለች። በዚህ መሀል ማንም አላጭበረበረም፤ ሁለቱም ገዢዎች የሚጠበቅባቸውን አድርገዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ኔትወርክ ነው፤ አለዚያም «ሲስተሙ ተሳስቶ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ስህተቱ ግን በትክክል ሊጠቆም የሚችል ቦታ አለው። ቦታውን ያወቀ ሰው ቀዳዳውን ሊደፍነው ይችላል።

በድረ ገጹ ጀርባ የዕቃው ብዛት የሚጻፍበት የመረጃ ቋት አለ፤ ባለሙያዎቹ ዳታቤዝ ይሉታል። አንድ ሰው «ግዛ» የሚለውን ሲጫን በግዴለሽነት የተጻፈ ፕሮግራም ሦስት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ ስንት ቀርቷል ብሎ ቁጥሩን ያነባል። ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ከሆነ «አለ» ብሎ ይወስናል። ከዚያ አንድ ቀንሶ አዲሱን ቁጥር ይጽፋል። ገዢው አንድ ብቻ ቢሆን ይህ አሠራር እንከን የለውም። ሁለት ሲሆኑ ግን የቦሌዋ ጥያቄ ቁጥሩን አንብቦ «1» ያገኛል። እሱ ገና አዲሱን ቁጥር ሳይጽፍ የሲልቨር ስፕሪንጓ ጥያቄ ደግሞ ያንኑ ያነባል፤ እሱም የሚያገኘው «1» ነው። የመጀመሪያው ከ1 ላይ 1 ቀንሶ 0 ይጽፋል። ሁለተኛውም ቀድሞ ካነበበው 1 ላይ ቀንሶ 0 ይጽፋል። በንባቡና በጽሑፉ መካከል ያለው ጊዜ ከሰከንድ መቶኛ ባይበልጥም በበዓል ዋዜማ ሁለት ሰው በዚያች ክፍተት ውስጥ ሊገናኝ ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር በመጨረሻ የተጻፈው ቁጥር ነው። ሁለት ሽያጭ ተፈጽሟል፣ መዝገቡ ግን የሚያሳየው 0 ነው። ከዜሮ በታች ወርዶ ቢሆን ኖሮ ያየው ሰው ሁሉ ይደነግጥ ነበር። ዜሮ ግን ማንንም አያስደነግጥም፤ ዕቃው አልቆ ነው ተብሎ ይታለፋል። ስለዚህ ብዛቱን ብቻ የሚያይ ሱቅ ችግሩ እንዳለበት የሚያውቀው ደንበኛ ሲጮህበት ነው። ቀድሞ ለማወቅ መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ጠዋት መደርደሪያው ላይ የነበረው ስንት ነበር፣ ከዚያ ወዲህ የጸደቁት ትእዛዞች ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ? ድምሩ ከነበረው ከበለጠ አንድ ቦታ ላይ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተሽጧል።

አንዳንድ ሱቆች መፍትሔ ብለው የሚያደርጉት ቁጥሩን ደጋግሞ ማየት ነው። ገጹ ሲከፈት ያያሉ፣ ዕቃው ቅርጫት ውስጥ ሲገባ ያያሉ፣ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት እንደገና ያያሉ። ይህ ክፍተቱን ያጠባል እንጂ አይዘጋውም፤ ካዩ በኋላ እስኪወስዱ ድረስ ያለው ቅጽበት አሁንም አለ። ማየትና መውሰድ አንድ ድርጊት መሆን አለባቸው። ዳታቤዞች ይህን የሚያደርጉበት መንገድ አላቸው፤ ፕሮግራም ለማያውቅ አንባቢም ቢሆን ይህን አጭር ትእዛዝ ማየት ይጠቅመዋል፦

```sql
UPDATE stock
SET available = available - 1,
    reserved  = reserved + 1
WHERE sku = 'KEMIS-118' AND available >= 1;
```

ትእዛዙ በአማርኛ ሲነገር «ቁጥሩ KEMIS-118 የሆነውን ዕቃ ፈልግ፤ ለሽያጭ ክፍት የሆነው ቢያንስ 1 ከሆነ ብቻ ከክፍቱ አንድ ቀንስና በተያዘው ላይ አንድ ጨምር» ማለት ነው። ቁልፉ የመጨረሻው መስመር ነው። ቁጥሩን አንብቦ ወደ ፕሮግራሙ ይዞ የሚመለስ የለም፤ ፍርዱም ለውጡም እዚያው ዳታቤዙ ውስጥ በአንድ ላይ ይፈጸማሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች እኩል ቢደርሱ ዳታቤዙ ያንን መስመር ለአንደኛው ይቆልፋል፣ ሁለተኛው ደጅ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሲጨርስ ሁለተኛው ይገባና ቅድመ ሁኔታውን በአዲሱ ቁጥር ይመዝነዋል፤ 0 ከ1 ያንሳልና ምንም ሳይነካ ይወጣል።

ከዚያ ዳታቤዙ ስንት መስመር እንደተለወጠ ለፕሮግራሙ ይነግረዋል፤ 1 ወይም 0። ፕሮግራሙ ማመን ያለበት ይህን መልስ ብቻ ነው። መልሱ 1 ከሆነላት ደንበኛ ወደ ክፍያ ትለፍ። 0 ከሆነባት ገና ሳትከፍል «ይቅርታ፣ የመጨረሻው አሁን ተይዟል» ትባል። ቅር መሰኘቷ አይቀርም፤ ግን ገንዘቧ አልተነካም፣ ጊዜም አላባከነችም፣ ሌላ ሱቅ ለማየት በዓሉም አላለፈባትም። የገጹ ፊት ላይ «1 ብቻ ቀርቷል» የሚለው ጽሑፍ ከእውነተኛው ቁጥር ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ ብዙም አያሳስብም። እሱ ወሬ ነው፤ ቃል የሚገባው ይህ ትእዛዝ ነው።

በትእዛዙ ውስጥ ሁለት ቁጥሮች መኖራቸውን አንባቢ ሳያስተውል አይቀርም፤ ከአንዱ ይቀነሳል፣ በሌላው ላይ ይጨመራል። በቀጥታ «ተሸጠ» ብሎ መቀነስ ያልተቻለው ክፍያ ቅጽበታዊ ስላልሆነ ነው። ደንበኛዋ ቴሌብርን ትከፍታለች፣ የሚስጥር ቁጥሯን ታስገባለች፣ ምናልባት ሂሳቧ ውስጥ በቂ ገንዘብ ስለሌለ ከባንክ ታዛውራለች። በዚህ ሁሉ ደቂቃ ቀሚሱ የሱቁ ብቻ አይደለም፣ የእሷም ገና አልሆነም። ነጋዴዎቻችን ይህን መካከለኛ ሁኔታ ከድሮ ጀምረው ያውቁታል፤ ደንበኛ ቀብድ ከፍሎ «እስከ ማታ ያዝልኝ» ሲል ዕቃው ከመስቀያው ወርዶ ባንኮኒው ሥር ይቀመጣል። በመረጃ ቋቱ ውስጥም ለዚህ ሁኔታ የራሱ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ ጤነኛ ሱቅ ስለ አንድ ዕቃ የሚይዘው ቁጥር አንድ ብቻ አይደለም። ሱቁ ውስጥ በእጅ የሚቆጠሩ 3 ቀሚሶች አሉ እንበል። አንዱ ትናንት ተከፍሎበት፣ ታሽጎና የባለቤቷ ስም ተጽፎበት መልእክተኛ እየጠበቀ ነው፤ ይህ የተመደበ ነው። ሁለተኛውን አሁን ክፍያ ገጽ ላይ ያለች ደንበኛ ይዛዋለች፤ ይህ የተያዘ ነው። ሦስተኛው ብቻ ለሽያጭ ክፍት ነው። ድረ ገጹ ማሳየት ያለበት 1 ነው። ሦስቱም መስቀያው ላይ ስለሚታዩ «3 አለን» ብሎ የሚያሳይ ሱቅ ሁለቱን እንደገና ለመሸጥ በሩን ከፍቷል። በድርብ የተሸጡ ዕቃዎች ሁሉ በዚያች የሰከንድ መቶኛ ክፍተት የተሸጡ እንዳይመስለን። ብዙዎቹ የሚሸጡት በእጅ ያለው እና ለሽያጭ ክፍት የሆነው አንድ ቁጥር ተደርገው ስለሚያዙ ነው።

መያዣ ማለት በአንድ ቁጥር ላይ 1 መጨመር ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። «የተያዘ፦ 4» የሚል መዝገብ የገጠመው ሠራተኛ እነዚያ 4 የማን እንደሆኑ፣ እስከ መቼ እንደተያዙ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እያንዳንዱ መያዣ የራሱ መስመር ሊኖረው ይገባል። ብዙ ትንንሽ ሱቆች የሚሠሩበት ዉኮመርስ በ2020 ይህን የሚያደርግ ለብቻው የቆመ ሠንጠረዥ ጨምሯል፤ ስሙ `wc_reserved_stock` ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የትእዛዙ ቁጥር፣ የዕቃው መለያ፣ ብዛቱ፣ የተያዘበት ሰዓትና መያዣው የሚያበቃበት ሰዓት ይጻፋሉ። ባለቤቱና የጊዜ ገደቡ ተለይቶ የማይታወቅ መያዣ ውሎ አድሮ ማንም የማይደርስበት ዕቃ ይሆናል።

መያዣው መቼ ይጀምር የሚለው ጥያቄ ሱቆችን ያከራክራል። ዕቃው ቅርጫት ውስጥ እንደገባ መያዝ ለደንበኛው የሚያደላ ይመስላል። የኮንሰርትና የአውሮፕላን ወንበር የሚሸጡ ድርጅቶች ደንበኛው ወንበር እንደመረጠ ሰዓት እየቆጠሩ የሚይዙትም ወንበሩ አንድ ብቻ በመሆኑና ሰውም ለመግዛት ቆርጦ ስለሚመጣ ነው። ልብስ ሱቅ ውስጥ ግን ቅርጫት የምኞት ማስቀመጫ ነው። ሰው አምስት ቀሚስ ሰብስቦ ለእህቱ ፎቶ ይልካል፣ ይመክራል፣ ይተዋል። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ ቅርጫት ዕቃ የሚያግድ ከሆነ ሱቁ በተመልካቾች ብቻ ይራቆታል፤ የእውነት የሚገዛው «አልቋል» የሚል ገጽ ይገጥመዋል። በሌላ በኩል ክፍያው እስኪያልቅ ምንም አለመያዝ ማለት ሁለት ሰው ከፍሎ አንዱ ገንዘብ ይመለስለት ማለት ነው፤ ችግሩን ከነጭራሹ አልነካነውም። በእኔ እምነት ለልብስ፣ ለጫማ፣ ለስልክና ለመሳሰሉት ትክክለኛው ሰዓት ደንበኛው አድራሻውን ሞልቶ «ወደ ክፍያ» የሚለውን የሚጫንበት ነው። እዚያ የደረሰ ሰው ሐሳቡን ወስኗል፤ ከሱ የሚጠበቀው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

የጊዜው ርዝመት ደግሞ በክፍያው ዓይነት ይወሰናል። ዉኮመርስ ላይ `Hold stock (minutes)` የሚባል ቦታ አለ፤ ማንም ካልነካው 60 ነው የሚለው። ትእዛዙ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልተከፈለ ይሰረዛል፣ ዕቃውም ይለቀቃል። ባዶ ከተተወ ግን ያልተከፈሉ ትእዛዞች መቼም አይሰረዙም። ለቴሌብር ወይም ለካርድ ክፍያ 60 ደቂቃ ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ በበዓል ዋዜማ አንድን ቀሚስ ለአንድ ሰዓት ያህል ከገበያ ማውጣት ማለት ነው። 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃል።

የባንክ ዝውውር ግን በዚህ ሕግ አይመራም፤ አገር ቤት የሚነግድ ሰው በተለይ ሊያስተውለው ይገባል። ደንበኛው «በባንክ አስገባለሁ» የሚለውን ሲመርጥ ዉኮመርስ ትእዛዙን `On hold` በሚባል ደረጃ ላይ ያቆመዋል። ዕቃው ከብዛቱ ላይ ይቀነሳል። ያ የደቂቃ ገደብ ግን የሚሠራው `Pending payment` በሚባለው ደረጃ ላይ ባሉት ትእዛዞች ብቻ ስለሆነ ይህን አይነካውም። ውጤቱ ምን እንደሆነ እናስብ። አንድ ሰው ሐሙስ ማታ በባንክ አስገባለሁ ብሎ ያዘ፤ አርብ አላስገባም፣ ቅዳሜም ዝም አለ። ቀሚሱ መስቀያው ላይ ነው፣ ድረ ገጹ ግን «አልቋል» ይላል። በድርብ ከመሸጥ ሸሽተን ጭራሽ ሳንሸጥ ቀረን ማለት ነው። ስለዚህ በባንክ ዝውውር የሚሸጥ ሱቅ የራሱ ቀጠሮ ያስፈልገዋል፤ ለምሳሌ በማግስቱ ከቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ደረሰኙ ካልመጣ ይለቀቃል የሚል። ቀጠሮው ደንበኛው ትእዛዙን በሚልክበት ገጽ ላይ ተጽፎ መታየት አለበት፤ የሚለቅቀውም ሰው ማን እንደሆነ ስሙ መታወቅ አለበት።

አሁን ከሁሉ ወደሚያስቸግረው ደረስን፤ ዘግይቶ ወደሚመጣ ክፍያ። የቦሌዋ ደንበኛ ቀሚሱን 2:00 ላይ ያዘች፤ መያዣው እስከ 2:15 ነው። ኔትወርክ ተቆራርጦባት የከፈለችው 2:13 ላይ ነው። እሷ በሰዓቱ ከፍላለች። የክፍያው ድርጅት ለሱቁ «ተከፍሏል» የሚለውን መልእክት ያደረሰው ግን 2:19 ላይ ነው። በመሀሉ 2:15 ላይ መያዣው አብቅቶ ቀሚሱ ተለቅቋል፤ 2:16 ላይ ሌላ ሰው ይዞታል። ብዙ ሱቅ እዚህ ላይ ይወድቃል፤ «ተከፍሏል» የሚል መልእክት ሲያይ ቀሚሱ ከእጅ መውጣቱን ሳይጠይቅ ትእዛዙን ያጸድቀዋል። ያ ሁሉ ጥንቃቄ በዚህች መስመር ይፈርሳል።

ይህን የሚከላከሉ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ደንበኛው የሚያየው ሰዓትና ሱቁ የሚለቅበት ሰዓት አንድ እንዳይሆኑ ማድረግ ነው። ገጹ ለደንበኛዋ 15 ደቂቃ ይቁጠርላት፤ ሱቁ ግን በውስጥ እስከ 20 ደቂቃ ይያዝላት፣ ከመልቀቁም በፊት የክፍያውን ድርጅት «የዚህ ትእዛዝ ክፍያ ምን ላይ ደረሰ?» ብሎ ይጠይቅ። እንዲህ ቢሆን 2:19 ላይ የመጣው መልእክት በሰዓቱ ይደርስ ነበር። ሁለተኛው፣ መልእክቱ ከዚያም ዘግይቶ ቢመጣ፣ ትእዛዙ በቀጥታ እንዳይጸድቅ ማድረግ ነው። ፕሮግራሙ ያንን ከላይ ያየነውን ትእዛዝ እንደገና ይሞክር። መልሱ 1 ከሆነ ዕድለኛ ናት፣ ቀሚሱ ተመልሶ ተይዞላታል። 0 ከሆነ ገንዘቧ ወዲያው እንዲመለስ ይታዘዝ፣ መልእክትም ይላክላት። ማግስቱን ሰው ተነስቶ እስኪያየው ድረስ መቆየት የለበትም።

የክፍያ ድርጅቶች አንዱን መልእክት ሁለት ጊዜ መላካቸውም የተለመደ ነው። ሱቁ መልስ ካልሰጣቸው አልደረሰም ብለው ይደግሙታል። ስለዚህ «ለዚህ ትእዛዝ ክፍያ ቀድሞ ተመዝግቧል ወይ?» የሚለው ጥያቄ በትእዛዙ ቁጥር መመለስ አለበት፤ ተመዝግቦ ከሆነ ሁለተኛው መልእክት ምንም ሳይለውጥ ይለፍ። አለዚያ አንድ ቀሚስ የከፈለች ሴት ሁለት እንደገዛች ይቆጠርባታል።

ለካርድ ከፋዮች ሌላ ምቹ መንገድ አለ። በካርድ ክፍያ ገንዘቡን ማገድና ገንዘቡን መውሰድ ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ሱቁ መጀመሪያ ቀሚሱን ይይዛል፣ ቀጥሎ በካርዱ ላይ ገንዘቡን ያሳግዳል፣ ቀሚሱ በእጅ ተገኝቶ ሲታሸግ ገንዘቡን ይወስዳል። ቀሚሱ ቢጠፋ ወይም እድፍ ቢገኝበት እገዳው ይነሳል። ያልተወሰደ ገንዘብ መመለስ አያስፈልገውም።

እስካሁን የተያዘው «ከዚህ ዓይነት ቀሚስ አንድ» የሚል ቁጥር ነበር። የትኛው ቀሚስ፣ ከየት የሚለው አልተነሳም። ምደባ የሚባለው ይህን የሚመልሰው ሥራ ነው። ያው ሱቅ ጥቂት ዕቃ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ዘመድ ቤት ያስቀምጣል እንበል። ከአንድ ዓይነት ነጠላ ሁለት ቀርተዋል፤ አንዱ ሽሮ ሜዳ፣ አንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ። መጀመሪያ የቦሌዋ ደንበኛ ያዘች፣ ጥቂት ቆይታ የሜሪላንዷ ያዘች። በቁጥር ደረጃ ችግር የለም፤ ሁለት አለ፣ ሁለት ተይዟል። ነገር ግን ፕሮግራሙ መያዣው ላይ ወዲያው ዕቃ የሚመድብ ከሆነና ከዝርዝሩ አናት ያገኘውን የሚወስድ ከሆነ የሲልቨር ስፕሪንጉን ነጠላ ለቦሌዋ ሊሰጥ ይችላል። ያን ጊዜ ለሜሪላንዷ የሚቀራት የሽሮ ሜዳው ይሆናል። ሁለት ነጠላ በውቅያኖስ ላይ ይተላለፋሉ፤ የመላኪያው ዋጋ ከነጠላው ዋጋ ይበልጣል።

ለዚህ ነው መያዝና መመደብ መለያየት ያለባቸው። መያዣ ቶሎ ይሁን፣ ቁጥር ላይ ብቻ ይሁን፤ ክፍያ ያልተረጋገጠበትን ትእዛዝ ከአንድ የተለየ ዕቃ ጋር ማሰር ጥቅም የለውም። ክፍያው ሲረጋገጥ፣ አድራሻውም ሲታወቅ፣ ያን ጊዜ «የሽሮ ሜዳው፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ያለው» ተብሎ ይመደብ። ከተመደበ በኋላ ያ ዕቃ በመጋዘኑ ሠራተኛ ወረቀት ላይ ይወጣል፤ ሌላ ትእዛዝ ሊነካው አይገባም።

ሠራተኛው መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ነጠላው ባይኖርስ? ይህ የሚሆነው ዕቃው ተሰርቆ፣ በሌላ መደርደሪያ ተቀምጦ፣ ወይም ባንኮኒ ላይ በጥሬ ገንዘብ ተሽጦ ሳይመዘገብ ሲቀር ነው። ምንም ያህል ጥሩ የተጻፈ ፕሮግራም ቢሆን መዝገቡ የሚለውን እንጂ መደርደሪያው ላይ ያለውን አያይም። ሠራተኛው «አላገኘሁም» ብሎ ሲመዘግብ ፕሮግራሙ መጀመሪያ ማድረግ ያለበት የዚያን ቦታ ብዛት ዝቅ አድርጎ ያንን ዕቃ ከድረ ገጹ ላይ ማገድ ነው፤ ምክንያቱን ለማጣራት ጊዜ አለ። ብዙዎች ምክንያቱን ሲፈልጉ ይውሉና በዚያው ሰዓት ሦስተኛ ሰው ይገዛቸዋል።

ባንኮኒ ላይ የሚሸጠውን ነገር ማለፍ አይቻልም፤ በአገራችን ሱቆች ትልቁ ቀዳዳ እሱ ነውና። ሽሮ ሜዳ የገባች ሴት ቀሚሱን ለክታ፣ ከፍላ፣ በፌስታል ይዛ ትሄዳለች። ያ ሽያጭ ያንኑ ትእዛዝ ተጠቅሞ ከዚያው ቁጥር ላይ ካልቀነሰ በድረ ገጹ በኩል የተሠራው ሁሉ ከንቱ ነው። ሻጩ ስልኩ ላይ ያለውን መተግበሪያ ከፍቶ «ያዝ» ሳይል ቀሚሱን ከመስቀያው ማውረድ የለበትም። ይህን ማስለመድ የማይቻልበት ሱቅ ቢያንስ የመጨረሻውን አንድ ዕቃ ከድረ ገጹ ያስቀረው፤ በእጅ 3 ካለ 2 ብቻ ይታይ። አንድ ሽያጭ ሊያመልጥ ይችላል። ሁለት ሰው ከፍሎ አንዱን ከማሳዘን ግን ይሻላል።

ዕቃ መልቀቅም እንደመያዝ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ደንበኛዋ 2:14 ላይ «ሰርዝ» አለች፤ ፕሮግራሙ ክፍት የሆነውን ቁጥር በ1 ጨመረ። 2:15 ላይ ጊዜው አልፏል የሚለው ሥራ ደርሶ ያንኑ መያዣ አገኘና እንደገና 1 ጨመረ። አንድ ቀሚስ የነበረው ሱቅ መዝገቡ 2 ይላል፤ ቀጥሎ ሁለት ሰው በሕጋዊ መንገድ ይገዛዋል። መከላከያው ከመያዣው ጋር የሚመሳሰል ነው። መልቀቂያውም «ይህ መያዣ አሁንም ተይዞ ከሆነ ብቻ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ይኑረው፤ ቀድሞ የተለቀቀ መያዣ 0 ይመልሳል፣ ቁጥሩም አይነካም።

በ2018 መጨረሻ የወጣው ማጄንቶ 2.3 ይህን ችግር የያዘበት መንገድ በጣም ደስ ይለኛል። የተያዘውን ብዛት እየደመሰሰ አይጽፍም፤ እንደ ሒሳብ መዝገብ መስመር በመስመር ይጨምራል። 3 ቀሚስ አለ። ትእዛዝ ሲመጣ «−1» የሚል መስመር ይጻፋል፤ ለሽያጭ ክፍት የሆነው 3 ሲደመር −1፣ ማለትም 2 ነው። ትእዛዙ ቢሰረዝ «+1» የሚል መስመር ይጨመርና ወደ 3 ይመለሳል። ዕቃው ከተላከ ደግሞ የመጋዘኑ ቁጥር ከ3 ወደ 2 ይወርዳል፣ በመዝገቡም ላይ «+1» ይጻፋል፤ ክፍቱ እንደነበረው 2 ሆኖ ይቀጥላል። ያለቀለት ትእዛዝ መስመሮች ሁልጊዜ ተደምረው ዜሮ መምጣት አለባቸው። ዜሮ ካልመጡ አንድ ነገር ተረስቷል ወይም ተደግሟል፤ የየትኛው ትእዛዝ እንደሆነም መስመሩ ላይ ተጽፏል። ማጄንቶ እነዚህን ለይቶ የሚያወጣ ትእዛዝም አለው፦

```
bin/magento inventory:reservation:list-inconsistencies
```

በሌላ ፕሮግራም የሚሠራ ሱቅም ይህንኑ ማታ ማታ ማድረግ ይችላል፤ በሥራ ላይ ያሉትን መያዣዎች አንድ በአንድ ደምሮ «የተያዘ» ከሚለው ቁጥር ጋር ማስተያየት ነው።

ጊዜው ያለፈበትን መያዣ የሚለቅቀው ሥራም በሰዓቱ መነሳቱ መረጋገጥ አለበት። ዉኮመርስ የሚሠራበት ዎርድፕረስ በቀጠሮ የሚነሱ ሥራዎቹን የሚቀሰቅሰው ሰው ገጹን ሲጎበኝ ነው። ሌሊት ማንም ካልገባ 6 ሰዓት ላይ ሊለቀቅ የነበረው ቀሚስ ጠዋት የመጀመሪያው ጎብኚ እስኪመጣ እንደተያዘ ያድራል። ሰርቨሩ ራሱ በየ5 ደቂቃው እንዲቀሰቅሰው ማድረግ የአንድ ባለሙያ አጭር ሥራ ነው።

ሱቅ ያለው ሰው የራሱን ድረ ገጽ ሊፈትን ይችላል። አንድ ዕቃ ብዛቱ 1 ተደርጎ ይመዝገብ። ሁለት ሰዎች በሁለት ስልክ፣ አንዱ በዋይፋይ አንዱ በሞባይል ዳታ፣ እስከ ክፍያው ገጽ ይሂዱና ቆጥረው እኩል ይጫኑ። አንዱ ማለፍ፣ ሌላው ከመክፈሉ በፊት መቆም አለበት። ይህ ብዙ ጊዜ መደገም ያለበት ሙከራ ነው፤ ክፍተቷ ጠባብ ስለሆነች አንድ ጊዜ ማለፍ ምንም አያረጋግጥም። ቀጥሎ ያለፈው ሰው ሳይከፍል ገጹን ዘግቶ ይጠብቅ፤ ጊዜው ሲያልቅ ክፍት የሆነው ቁጥር ወደ 1 መመለስ አለበት፣ 0 ሆኖ መቅረትም 2 መሆንም የለበትም። በመጨረሻ አንዱ ይዞ ጊዜው እስኪያልፍ ይቆይ፣ ሌላው ዕቃውን ይግዛ፣ ከዚያ የመጀመሪያው ተከፍቶ በቆየው የክፍያ ገጽ ላይ ይክፈል። ድረ ገጹ የሁለተኛውን ሰው ገንዘብ ሳይነካ የመጀመሪያውን ገንዘብ በራሱ ከመለሰ ሱቁ ለበዓል ገበያ ደርሷል፤ ሁለቱንም «ትእዛዝዎ ደርሶናል» ካለ ግን ፕሮግራሙን የጻፈውን ሰው ከበዓሉ በፊት መጥራት ነው።